ዶላርና ብር በአንድ ጉሊት

«ዶላር ጨመረ፣ ብር ወደቀ» የሚለውን ወሬ ልጆቻችን ከእኛው አፍ እየሰሙ ነው የሚያድጉት። በምሳ ሰዓት እናወራዋለን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እናወራዋለን፣ ታክሲ ውስጥ ከማናውቀው ሰው ጋር እናወራዋለን። ለምን እንደሚጨምርና ለምን እንደሚወድቅ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ጥቂት ሰው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ «አባዬ፣ ብሩን የሚጥለው ማን ነው?» ብላ የጠየቀችኝም ለዚህ ይመስለኛል። እሷ ብር የሚወድቀው አንድ ሰው ገፍትሮት ነበር የመሰላት።

ጥያቄው ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። እናቴ ለልጅ ልጇ ለዩኒቨርሲቲ ትሆናታለች ብላ ከጡረታዋ ላይ እየቆጠበች 60 ሺሕ ብር ባንክ አስቀምጣለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉ ሲነገር እናቴ ደነገጠች። የሰፈር ሰው «ብሩን ሳይቀልጥ በዶላር ልቀይርልዎት» ብሏት ኖሮ፣ ልታወጣው ተነሳች። ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታለች። የሚቀልጠው የእሷ ገንዘብ ነው፤ ማወቅ ይገባታል።

እኔ መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ነገሩን ከቅርብ አውቀዋለሁ። ግን «የውጭ ምንዛሪ አቅርቦትና ፍላጎት» ብዬ ብጀምር ልጄ ስልኳን እንደምታወጣ አላጣሁትም። ስለዚህ በቅዳሜው ገበያ ወደ ጉሊት ይዣት ሄድኩ።

ሽንኩርት የምንገዛቸው እናት ዘንድ ቆምን። ባለፈው ሳምንት ኪሎው 60 ብር የነበረው ሽንኩርት 90 ገብቷል። «ምነው እትዬ?» አልኳቸው። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ዝናቡ ማሳው ላይ አበሰበሰው። ከመቂ አምስት አይሱዙ ይመጣ የነበረው አሁን ሁለት ነው። ሰዉ ደግሞ ፍልሰታ ሊገባ ነው ብሎ ይሻማል» አሉ።

ወጣ እንዳልን ልጄን «ሽንኩርቱ ተለወጠ?» አልኳት። «ያው ሽንኩርት ነው» አለች። «እትዬ ክፉ ሆኑ?» «አይ፣ ያመጣው መኪና ቀነሰ፣ ፈላጊው በዛ።» «እንግዲያው ዶላርም ሽንኩርት ነው» አልኳት። «ከሌላ አገር የሚመጣ፣ እኛ ማሳ ላይ የማይበቅል ሽንኩርት። እሱንም ጭኖ የሚያመጣ አለ፣ ዘንቢል ይዞ የሚሰለፍ አለ።»

ቀጥሎ ጭኖ የሚያመጣውን ቆጠርን። ቡና፣ ሰሊጥና አበባ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዶላር ያመጣል። ዋሽንግተን ያለው አጎቷ ለእናቴ በየሁለት ወሩ 200 ዶላር ሲልክ እሱም አንድ ትንሽ ጭነት አመጣ ማለት ነው። የውጭ አገር ሰው አየር መንገዳችንን ሲሳፈር፣ ጎብኚ ላሊበላ ሲያድር፣ ብድርና እርዳታ ሲመጣ ጉሊቱ ላይ ዶላር ይጨመራል። በሌላ በኩል ዘንቢል ይዞ የሚሰለፈው ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ መለዋወጫና ስልክ የሚያስመጣው ነው። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወርድ መኪናው ግማሽ ጭነት ይዞ ይመጣል፤ የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ዘንቢሉ ይሰፋል። ያኔ አንዱን ዶላር ለመግዛት ተጨማሪ ብር ይጠየቃል። ብር «ወደቀ» የምንለው ይህንኑ ነው። የጣለው ሰው የለም፤ የዶላሩ መደብ ተወዶ ነው።

ልጄ ይህን ቶሎ ያዘች። ግን ወዲያው ከባዱን ጥያቄ አመጣች። «ታዲያ ከሐምሌ በፊት ለምን አልተወደደም? በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው እንዴ መኪናው የቀነሰው?»

መኪናው በአንድ ሳምንት አልቀነሰም። ወደ ጉሊቱ ተመልሰን አንድ ነገር እንድታስብ አደረግኩ። የእትዬ ሽንኩርት በገበያው 90 ብር እያወጣ፣ ቀበሌ መጥቶ «ከ50 ብር በላይ መሸጥ ክልክል ነው» ቢላቸው ምን ይሆናል? ልጄ የስኳርና የዘይት ሰልፍ ስላየች መልሱን ለማግኘት አልተቸገረችም። በመጀመሪያ ሰልፉ ይረዝማል፤ በ50 ብር የማይፈልግ የለምና። ቀጥሎ ሽንኩርት ጫኙ ሰውዬ «በዚህ ዋጋማ አላራግፍም» ብሎ ከጉሊቱ ጀርባ መኪናውን ያቆማል። እዚያ ለሚያውቃቸው ሰዎች በ100 ብር ይሸጣል። ጉሊቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ 50 ብር ነው፤ ጉሊቱ ላይ ግን ሽንኩርት የለም።

ከሐምሌ 22 በፊት የነበረው ይህ ነው። የባንክ ዋጋ አንድ ዶላር በ57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነበር። በመንገድ ላይ ደግሞ ከ110 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ወንድሜ የላከውን 200 ዶላር በባንክ ብንቀበለው 11,500 ብር ነው፤ በመንገድ ዋጋ ከ22 ሺሕ ብር በላይ ይሆናል። በዚህ ልዩነት ብዙ ቤተሰብ በባንክ መላክ አቆመ፤ የዋጋው ዝቅ ማለት ሽንኩርቱን ከጉሊቱ አሸሸው። እኔ የምሠራበት ድርጅት በበኩሉ ለመለዋወጫ ኤልሲ ለማስከፈት ወር ቆጥሮ፣ ወር ደግሞ ቆጥሮ ይጠብቃል። በወረቀት ላይ ዶላር ርካሽ ነው። ሲፈልጉት የለም።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ፤ ይህን ስነግራት ልጄ አላመነችም። አንዳንድ ነጋዴ ቡናና ሰሊጥ በውድ ገዝቶ፣ ውጭ በኪሳራ ይሸጥ ነበር። «ማን አውቆ ይከስራል?» አለችኝ። የሚከስረው በቡናው ነው፤ የሚያተርፈው ግን ባገኘው ዶላር ነው። በዶላሩ ዕቃ ያስመጣና እዚህ በውድ ይሸጠዋል። ዕቃው ሱቅ ሲደርስ ዋጋው በ57 ብር ሳይሆን በመንገዱ ዋጋ ተሰልቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የባንኩ ዋጋ ዝቅ ማለቱ እኛ የምንገዛውን ስልክ አላረከሰውም።

በሐምሌ የሆነው ቀበሌው የለጠፈውን የዋጋ ወረቀት መቅደድ ነው። በዚያው ዕለት የንግድ ባንክ ዋጋ 75 ብር አካባቢ ገባ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባወጣው ልዩ ጨረታ አማካዩ ዋጋ 107 ብር ከ90 ሳንቲም ሆነ። ብሩ በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ አይደለም ያን ያህል አቅም ያጣው። ለዓመታት ከጉሊቱ ጀርባ ሲነገር የቆየው ዋጋ ፊት ለፊት ወጣ እንጂ። በዚህ ምክንያት ዋጋው ቀድሞውንም በመንገዱ ዶላር ይሰላ የነበረው ስልክ እጥፍ አልሆነም። በባንክ ዶላር ይመጣ የነበረው ነዳጅና የመሳሰለው ግን መወደዱ አልቀረለትም። የትኛው ዕቃ በየትኛው ዶላር ይመጣ እንደነበር ካወቁ፣ የትኛው እንደሚወደድ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ላንሳ፤ አዋቂዎችም ስንሳሳትበት እሰማለሁና። ዶላር ከ57 ብር ከ50 ወደ 115 ቢገባ፣ ዶላሩ መቶ በመቶ ተወደደ። ብሩ ግን መቶ በመቶ አልወደቀም፤ መቶ በመቶ ቢወድቅ ኖሮ ምንም አይገዛም ነበር። አንድ ብር ቀድሞ 1 ነጥብ 74 የአሜሪካ ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ በ115 ግን 0 ነጥብ 87 ይገዛል። ግማሹን፣ ማለትም 50 በመቶ አጣ። ልጄ ይህን በደብተሯ አስልታ ካየች በኋላ ነው የተረጋጋችው።

ጉሊቱ ግን ሁለት ወገን አለው። እስካሁን ያየነው የሽንኩርቱን ወገን ነው። የገዢው ኪስስ?

«እሺ፣» አልኳት፣ «ነገ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ያለው ብር እጥፍ ሆኖ ቢነሳ፣ የሽንኩርቱ መኪና ግን ያው ሁለት ቢሆን?» ሳትቆይ «እትዬ 180 ይሉናል» አለች። እንደዚያ ነው። አገር ውስጥ ከሚመረተው ዕቃ ይልቅ ብሩ ፈጥኖ ከበዛ ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ የቤት ኪራይና ዶላር ሁሉም አብረው ይወደዳሉ። ዶላሩ ከእነሱ አንዱ ነው።

በቁጥር ላስረዳት ሞከርኩ። አንድ ዘንቢል ዕቃ እዚህ 1,000 ብር፣ አሜሪካ ደግሞ 10 ዶላር ነው እንበል። አንድ ዶላር በ100 ብር ቢመነዘር ሁለቱ ዘንቢሎች እኩል ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የእኛ የዋጋ ንረት በዓመት 20 በመቶ አካባቢ፣ የአሜሪካ ደግሞ 3 በመቶ አካባቢ ነበር። በዚሁ ፍጥነት ከዓመት በኋላ የእኛ ዘንቢል 1,200 ብር፣ የእነሱ 10 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ሁለቱ እንደገና እኩል እንዲሆኑ ዶላሩ 116 ብር ከ50 ገደማ መግባት አለበት። ማንም ሳይተነኩል፣ ቡናውም ሳይቀንስ፣ የእኛ ዋጋ ከእነሱ ቀድሞ ስለሮጠ ብቻ። በየወሩ ይህን ያህል አይሄድም፤ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። በዓመታት ውስጥ ግን የብር ዋጋ ወደዚያው ይሳባል።

እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «እኛ በነበርንበት ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር» አለች። እውነቷን ነው፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ዋጋው ሳይነቃነቅ ቆይቷል። ግን እሱም የተለጠፈ ዋጋ ነበር። በደርግ ዘመን በ2 ብር ከ7 ዶላር ማግኘት የሚችለው ስንት ሰው ነበር? ያኔም ከጉሊቱ ጀርባ የሚቆም መኪና ነበረ፤ ዋጋውም ሌላ ነበር። በ1985 ወረቀቱ ሲቀደድ በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። ዋጋ አለመንቀሳቀሱ ብቻውን የብር ጥንካሬ አይደለም። በተለጠፈው ዋጋ ሄዶ መግዛት ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልጄ ከዚህ ተነስታ፣ «ዶላር ውድ የሆነባት አገር ደሃ ናት ማለት ነው?» አለች። በ2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር ለመግዛት ጃፓናዊው 150 የን አካባቢ ይከፍል ነበር፤ ከእኛ ብር በቁጥር ይበልጣል። ጃፓን ግን መኪና የምትሸጥልን አገር ናት። ሽንኩርቱን በኪሎ ብንመዝነው ወይም በግራም ብንመዝነው ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ሽንኩርቱ አይበዛም፣ አያንስም። ሊያሳስብ የሚገባው የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ ቁጥሩ በየዓመቱ የሚሮጥበት ፍጥነት ነው።

የጉሊቱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ያንሳል፤ እሱን አልደበቅኳትም። ሽንኩርት ይበሰብሳል፤ እትዬ «ነገ ይወደዳል» ብለው ቢያስቀምጡት እንኳ ሳምንት አይቆይላቸውም። ዶላር ግን አይበሰብስም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ነገ ይጨምራል ብሎ ካሰበ ያለው ይደብቀዋል፣ የሌለው ዛሬውኑ ይሻማል። ጉሊቱ ባዶ ይሆንና ዋጋው በእርግጥም ይጨምራል። ፍርሃቱ ራሱ የፈራነውን ያመጣዋል። ሰው እንደገና ማምጣት የሚጀምረው ነገ ከዛሬ ብዙ እንደማይለይ ሲያምን ነው። ይህን የሚያውቁበት ምልክት የባንክና የመንገድ ዋጋ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ ጉሊቱ ላይ ሽንኩርት አለ። እየሰፋ ከሄደ መኪናው ዳግም ከጀርባ መቆም ጀምሯል፤ የባንኩ ሰሌዳ የሚያሳየው ዋጋም ዋጋ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ እናቴ 60 ሺሕ ብር እንምጣ። በቤታችን የተነሳው ክርክር እሱ ነበርና። በድሮው የባንክ ዋጋ 60 ሺሕ ብር 1,043 ዶላር ያህል ነው፤ በጨረታው ዋጋ 556። እናቴን ያስደነገጣት ይህ ነበር። ልጄ ግን ጉሊቱን አስታውሳ ጥሩ ነገር ጠየቀች፦ «እማማ፣ በ57 ብር የሚሸጥልሽ ባንክ ነበረ እንዴ?» አልነበረም። ያ 1,043 ዶላር በወረቀት ላይ እንጂ በእጅ ኖሮ አያውቅም። በእጅ ያልነበረ ነገር አይጠፋም።

እናቴ ያጣችው ሌላ ነው፤ እሱም ያጣችው በሐምሌ ብቻ አይደለም። ባንክ ለቁጠባ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ይሰጣታል። ዋጋ 20 በመቶ በጨመረበት ዓመት 60 ሺሕ ብሯ 64,200 ሆነ፤ በ60 ሺሕ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 72 ሺሕ ፈለገ። በዓመት ውስጥ 7,800 ብር ያህል የመግዛት አቅም በዝምታ ሄደ። ማንም አላወጀውም፣ ዜናም አልሆነም። ለዓመታት እንዲሁ ሲሄድ ነበር።

የሰፈሩ ሰው «ልቀይርልዎት» ያለውስ? ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የሚሰጣት ወረቀት ሐሰተኛ ቢሆን የምትከስበት ቦታ የላትም። ከዚያም ሌላ የሂሳቡ ነገር አለ። ሁሉም በሚሻማበት ሳምንት ዶላር የሚገዛ ሰው፣ በዝናቡ ሳምንት ሽንኩርት በጅምላ የሚገዛ ሰው ማለት ነው፤ ከፍተኛውን ዋጋ ከፍሎ ይገባል። መሸጥ በፈለገ ጊዜም የሚቀበለው የገዢን ዋጋ ነው፤ በመካከል ያለው ልዩነት የደላላው ነው። ዶላር የሚያስፈልገው ወጪው በዶላር ለሆነ ሰው ነው። የእናቴ ወጪ ግን ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይትና የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሁሉም በብር ነው።

ሦስታችን ተቀምጠን ወሰንን። የዓመቱ ጤፍና በርበሬ፣ የልጄም የዓመት ክፍያ፣ ነገ በውድ ከመክፈል ዛሬ በታወቀ ዋጋ ይከፈል ተባለ። ወደ 35 ሺሕ ብር ለዚያ ወጣ። የቀረው 25 ሺሕ ለሕመምና ለድንገት ባንክ ውስጥ ቆየ። እሱ እየሳሳ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ግን ሌሊት ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚከፈለው ብር ነው። እኔ ደግሞ ቀድሞ በየወሩ ለጤፍና ለክፍያው አወጣው የነበረውን ለልጄ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው እያስቀመጥኩ እተካለሁ። ወንድሜም የሚልከውን በባንክ መላክ ጀመረ፤ ያኔ ልዩነቱ ጠቦ ስለነበር በሌላ መንገድ የሚያስኬደው ምክንያት አልነበረም።

ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የባንኮችን የዋጋ ሰሌዳ እያየች ነው የምትመጣው። መግዣና መሸጫ ተብሎ ሁለት ቁጥር እንደሚጻፍ፣ ሁለቱም ከባንክ ወደ ባንክ እንደሚለያዩ ራሷ ደረሰችበት። ባለፈው ሳምንት ለአጎቷ ደውላ፣ «በደንብ የሚከፍለውን ባንክ ሳልነግርህ እንዳትልክ» አለችው። እናቴ ከጎን ሆና፣ «ይህቺ ልጅ ነጋዴ ልትሆን ነው» ብላ ሳቀች።